ሚኪዬ፣ ስለተቆረጠችው 59 ዶላር

ሚኪዬ እንዴት ከረምክ፣ እማዬስ እግሯ ተሻላት ወይ? እኔ እዚህ አሌክሳንድሪያ ደህና ነኝ፣ ሥራው እንደምታውቀው ነው። በድምፅ ልልክልህ ነበር ግን ቁጥሮቹን ቁጭ ብለህ እንድታያቸው ስለፈለኩ ጻፍኩት።

ማክሰኞ ከናይት ሺፍት ወጥቼ ለእማዬ መድኃኒት ልልክ የባንክ አፔን ስከፍት 59 ዶላር ከ88 ሳንቲም ተቆርጧል። ደነገጥኩ፣ ካርዴ የተሰረቀ ነበር የመሰለኝ። ኢሜሌን ሳይ ግን ደረሰኙ መጥቷል፣ ያ የቪዲዮ ኤዲቲንግ አፕ ነው፣ የላኩልህ አይፎን በኔ አካውንት የተከፈተ ስለሆነ ሂሳቡ ወደኔ ካርድ ነው የሚመጣው። ስደውልልህ "እኔ እኮ ፍሪ ነው ያለኝን ነው የነካሁት፣ ደሞ ዴሊት አድርጌዋለሁ" አልከኝ። አልተቆጣሁህም ወንድሜ፣ ግን ገንዘቡ የሄደው እዚችው "ዴሊት አድርጌዋለሁ" ያልካት ላይ ስለሆነ በደንብ ላስረዳህ።

አፑን ማጥፋትና ሰብስክሪፕሽኑን ማቋረጥ ሁለት የተለያየ ነገር ነው። አፑ ያለው ስልኩ ላይ ነው፣ ሰብስክሪፕሽኑ ግን ያለው አካውንቱ ላይ ነው፣ ስልኩን ራሱ ብትሸጠው እንኳን ክፍያው አይቆምም። ፍሪ ትራያል ስትጀምር የፈረምከው ለ7 ቀን አይደለም፣ ከ7 ቀን በኋላ ለሚጀምር ክፍያ ነው የፈረምከው፣ ዝም ካልክ እንደተስማማህ ነው የሚቆጠረው። አፕል ደሞ ትራያሉ ከማለቁ ቢያንስ 24 ሰዓት በፊት ካንስል አድርግ ነው የሚለው፣ ስለዚህ 7 ቀን ሲሉህ 6 ብለህ ቁጠረው። አንተ ሰኞ ማታ ነው የጀመርከው፣ እስከ ቀጣዩ ሰኞ ጊዜ ያለህ ይመስልሃል፣ እውነቱ ግን እሁድ ማታ አልቆብሃል።

የላክልኝን ስክሪንሾት አጉልቼ አየሁት። ከላይ በትልቁ "በወር 4.99" ይላል፣ አንተም ያየኸው እሱን ነው። ከስሩ በጣም በደቃቅ ፊደል ግን 59.88 በዓመት አንዴ እንደሚቆረጥ ተጽፏል። 4.99 የሚባል ክፍያ የለም በቃ፣ ዓመቱን ለ12 አካፍለው ያሳዩህ ነው። የእውነተኛው የወር ክፍያ ከጎኑ ያለው 9.99 ነው፣ እሱ ግን ትራያል የለውም፣ ቀድሞ የተመረጠልህም የዓመቱ ነው።

አሁን አብረን እናስላ። በወር 9.99 እየከፈልክ 5 ወር ብትጠቀም 49.95 ነው፣ ስድስተኛው ወር ላይ 59.94 ይሆናል፣ ያኔ ነው ከዓመቱ ጋር እኩል የሚመጣው። 50 ፐርሰንት ቅናሽ ያሉት ዓመቱን ሙሉ ለሚሠራበት ሰው እውነት ነው፣ አንተ ግን ለሄለን ሰርግ ቪዲዮ ሁለት ወር ነው የምትፈልገው አይደል፣ በወር ብትከፍል 19.98 ነበር የሚያልቀው። እና ስትመርጥ በወር ስንት ይደርሳል ብለህ ሳይሆን ስንት ወር እሠራበታለሁ ብለህ አስላ።

ካርዴን ልቀይረው አስቤም ነበር፣ ግን አብራኝ የምትሠራ ልጅ እንደነገረችኝ እዚህ አዲስ ካርድ ብታወጣም አዲሱ ቁጥር በካርድ ድርጅቶቹ በኩል ለሻጩ ሊደርሰው ይችላል፣ ስለዚህ ከምንጩ ነው መዝጋት ያለብን። Settings ክፈት፣ ከላይ ስሙን ንካ፣ Subscriptions ግባ፣ አፑን ንካና ወደታች ወርደህ Cancel Subscription በል። ከዛ ማረጋገጫ ይጠይቅሃል፣ እሱንም ካልነካህ አልተቋረጠም፣ ብዙ ሰው እዚች ጋር ነው ትቶት የሚወጣው። መቋረጡን የምታውቀው ከአፑ ስር የሚታደስበት ቀን ጠፍቶ የሚያበቃበት ቀን ሲመጣ ነው፣ ቀኑ ግን በፈረንጅ አቆጣጠር ስለሆነ እንዳትሳሳት። ሌላ ጊዜ ትራያል ስትጀምር ደሞ እዛው በዛው ቀን ካንስል አድርገው፣ አብዛኞቹ ቀኑ እስኪያልቅ ያሠሩሃል፣ ወዲያው የሚዘጉም አሉ፣ ቢዘጋ ይዘጋ።

የተቆረጠውን በተመለከተ reportaproblem.apple.com ላይ ገብቼ እንዲመለስልኝ ጠይቄያለሁ፣ በስህተት የተገዛ ነው ብዬ። በ48 ሰዓት ውስጥ መልስ ይሰጣሉ፣ እምቢም ሊሉ ይችላሉ። ከመለሱልኝ አፑ ሊዘጋብህ ስለሚችል እስከ ሐሙስ ድረስ የሰርጉን ቪዲዮ እንዳትጀምርበት። እምቢ ካሉ ግን ዓመቱ ተከፍሏልና ሥራበት፣ የሚቀጥለው ዓመት እንዳይታደስ ብቻ ዛሬውኑ ካንስል አድርገህ ስክሪንሾቱን ላክልኝ።

የእማዬን ብር በማግስቱ ልኬያለሁ፣ ደርሷት እንደሆነ ጠይቅልኝ።

እህትህ