ከፎቶው ሥር «በጎች» ብላችኋል፤ 9ኙ ግን ፍየሎች ናቸው

ሰላም ለአዘጋጁ፣

ስለ አረፋ ገበያ ባወጣችሁት ዘገባ ላይ ከኮምቦልቻ የከብት ገበያ የተነሳ ፎቶ አለ። ከሥሩ «ለበዓሉ የቀረቡ በጎች» ይላል። ፎቶውን በስልኬ አስፍቼ አንድ በአንድ ቆጠርኩ። 14 እንስሳ ይታያል። 9ኙ ፍየል ናቸው፣ 4ቱ በግ ናቸው፣ አንዱን መለየት አልቻልኩም። ፍየል ወዲህ ቅዝምዝም ወዲያ ማለት ይሄው ነው።

ያደግኩት ደሴ ነው። አባቴ በግና ፍየል ነጋዴ ነበር፤ ሰኞ ሰኞ ባቲ ገበያ ሲወርድ እኔንም ይዞኝ ይሄዳል። ስለዚህ ስህተቱ ዝም ብዬ የማልፈው ዓይነት አልሆነልኝም። ደግሞም ለአረፋው እርድ፣ ለኡድሂያ፣ የሚፈለገው ዕድሜ ለበግና ለፍየል አንድ አይደለም። ለበግ የሚበቃው ዕድሜ ለፍየል ላይበቃ ይችላል። በስልክ ፎቶ አይቶ ዘመዱን «ያችን ግዛልኝ» የሚል ሰው በበዛበት ጊዜ፣ ጋዜጣ ፍየሉን በግ ካለው ገዢውም እንደዚያው ይላል።

ከጅራት ልጀምር፤ ከሩቅ በተነሳ ፎቶ ላይ ቀድሞ የሚታየው እሱ ነው። ፍየል ጅራቷን ወደ ላይ ትሰቅላለች። አጭር ናት፣ ከሥሯም ጠጉር የላትም፣ ለዚህ ነው የፍየል ጅራት ኀፍረት አይሸፍንም የሚባለው። በግ ደግሞ ላት ነው ያለው። ላት ስብ ነው፣ ይከብዳል፣ ወደ ታች ይንጠለጠላል፤ በጉ ልስቀለው ቢልም እንደ ፍየል አይቆምለትም። በፎቷችሁ ላይ 7ቱን በዚህ ብቻ ለየኋቸው። በቀኝ በኩል ተደርድረው ጀርባቸውን ለካሜራው የሰጡት ሁሉ ጅራታቸው ቀጥ ብሎ ቆሟል።

ግን እዚህ ጋ አንድ ወጥመድ አለ፣ የከተማ ልጅ ብዙ ጊዜ የሚሳሳተውም በዚህ ነው። የወሎ ደገኛ በግ ላቱ አጭር ነው፣ አንዳንዱ ጫፉ ጥምዝ ብሎ ወደ ላይ ይቆለመማል። ጫፉን ብቻ ያየ ሰው «ጅራቱ ወደ ላይ ነው፣ ፍየል ነው» ይላል። መታየት ያለበት ጫፉ ሳይሆን ሥሩ ነው። የበጉ ላት ከመነሻው ሰፊ ሆኖ ወደ ታች ይወርድና ጫፉ ላይ ብቻ ይታጠፋል። የፍየሏ ጅራት ከመነሻዋ ጀምራ ነው ወደ ላይ የምትቆመው። ከፊት ለፊት ያለው ጥቁር በጋችሁ ልክ እንደዚህ ነው፣ ጎረቤቴ ያለው ልጅ ፎቶውን ሳሳየው ቀድሞ «ፍየል» ያለውም እሱን ነው። ሌላም አለ፤ የታመመች ወይም የፈራች ፍየል ጅራቷን ታወርዳለች። ስለዚህ የተሰቀለ ጅራት ፍየል መሆኑን ያሳያል፣ የወረደ ጅራት ግን ለብቻው በግ መሆኑን አያሳይም።

ጅራታቸው ከማይታየው ፍየሎች አንዱን የለየሁት በቀንዱ ነው። የፍየል ቀንድ ከግንባሩ ተነስቶ ወደ ላይና ወደ ኋላ ይሄዳል። የአውራ በግ ቀንድ ግን ወደ ጎን ይወጣና በጆሮው ዙሪያ ተጠምዝዞ ወደ ፊት ይመጣል። ችግሩ፣ ያረጀ ወጠጤም ቀንዱ ወደ ጎን ሊዘረጋና ሊጣመም ይችላል፤ ፊት ለፊት ከተነሳ ደግሞ ጥምዙና ቀጥታው አይለይም። ያኔ የቀንዱን ሥር ማየት ነው። የበግ ቀንድ ሥሩ ወፍራም ነው፣ ሦስት ማዕዘን ይመስላል፣ አግድም የተሸበሸበ ነው። የፍየሉ ጠበብ ያለ ነው፣ የፊት ጠርዙም ሹል ሆኖ ይታያል። ቀንድ የሌለውን ግን በዚህ አትፍረዱበት፤ የእኛ አገር ሴት በጎች ብዙዎቹ ቀንድ የላቸውም፣ ቀንድ የሌላት ፍየልም ትገኛለች።

ዘጠነኛዋን ያወጣት ጢሟ ነው። ሴት ናት፣ ጢም አላት። ጢም የወንዱ ብቻ የሚመስለው ሰው አለ፣ ሴት ፍየልም ታወጣለች። ከአገጭ የተነሳ ጢም ካያችሁ ፍየል ናት፣ አለቀ። የአንዳንድ አውራ በግ ረጅም ጠጉር ግን ከጉሮሮውና ከደረቱ ነው የሚወርደው፤ አገጩ ባዶ ነው። በተቃራኒው ጢም አለመኖሩ ምንም አይነግራችሁም፣ ግልገሏም፣ ካደጉት ሴት ፍየሎችም ብዙዎቹ ጢም የላቸውምና።

አሁን ወደ ጠጉሩ ልምጣ፣ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ይመስለኛል። ደሴ ላይ ያደገ ሰው በግ ሲባል የሚመጣለት ከላይ ረጅም ጠጉር፣ ከሥሩ ባና የሚሠራበት ዓይነት ለስላሳ ሱፍ ያለው ደገኛው በግ ነው። ከ4ቱ በጎች 2ቱ እንደዚያ ናቸው። የቀሩት 2ቱ ግን ከቆላ የመጡ ናቸው፤ ገለባ የመሰለ ነጣ ያለ ቡናማ፣ ጠጉራቸው አጭርና ልሙጥ፣ ቀንድ የላቸውም፣ ጆሯቸውም በጣም ትንሽ ነው። የአፋር በግ ነው። ጠጉሩን ብቻ ያየ ሰው ያለ ጥርጥር ፍየል ይላቸዋል። ፎቶው ላይ አንደኛው ዞር ብሎ ስለቆመ ኋላው ይታያል፤ ሰፊ ላት ነው የተንጠለጠለው፣ ስለዚህ በግ ነው። ኮምቦልቻ ከደጋውም ከቆላውም ስለሚወርድባት ሁለቱ ዓይነት በግና ፍየሉ አንድ ሜዳ ላይ ይቀላቀላሉ። እዚህ ገበያ ላይ በጠጉር መለየት አያዋጣም። አባቴ ጠጉሩን መጨረሻ ነበር የሚያየው፣ እሱንም ለዋጋው እንጂ ለመለየት አይደለም።

አሥራ አራተኛዋ ከኋላ ናት። ፊቷ ብቻ ብቅ ብሏል። ቀንድ የላትም፣ ጢም የላትም፣ ጠጉሯ አጭር ነው፣ ኋላዋ በሰው ተጋርዷል። በግ ከዓይኑ ሥር ወደ አፍንጫው በኩል ትንሽ ጎድጓዳ አለው፣ ፍየል የለውም፤ ግን ፎቶው ሲሰፋ ይደበዝዛል፣ አይታይም። እሷን በግም ፍየልም አልላትም።

ፎቶ አንሺያችሁ በሚቀጥለው ገበያ ከፊት ብቻ ሳይሆን ከጎንና ከኋላም ያንሳ፤ ከፊት ስታነሱ ላቱም ጅራቱም ይጠፋል። ይሄኛውን ፎቶ ደግሞ «ለበዓሉ የቀረቡ በጎችና ፍየሎች» ብላችሁ አርሙት። ከቻላችሁ ደግሞ ገለባ የመሰሉትን ሁለቱን የአፋር በግ መሆናቸውን ጻፉባቸው።

የዘወትር አንባቢያችሁ፣ ከኮምቦልቻ