በርበሬው ደርሶኛል

ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ
የካቲት 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድሽ እህቴ፦

እንደምን ሰነበታችሁ? እማዬስ እግሯ ተሻላት? እኔ ከብርዱ በቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። የላክሽው በርበሬ ትናንት ማታ በሰው እጅ ደረሰኝ። ገና ክዳኑን ስከፍተው አብሮኝ የሚኖረው ልጅ ሦስት ጊዜ አስነጠሰና «ይሄ የሱቅ አይደለም» አለ። ከላይ ያደረግሽውን ደብተርም አገኘሁት። ሌሊቱን ከፈረቃ ስመለስ ሳልተኛ አነበብኩት።

በገና የጻፍሽልኝን ደብዳቤ ታስታውሺው እንደሆነ፣ ለቡቲክ መክፈቻ ገንዘብ የጠየቅሽኝ በሦስት መስመር ነው። በርበሬውን ግን ገጽ ተኩል ጻፍሽበት። ጣራ ላይ ስታሰጪ አንሶላዋን አጠገቡ ካሰጣችው ጎረቤትሽ ጋር እንደተጣላሽ፣ ለዘበኛው ጠብቅልኝ ብለሽ እንደከፈልሽ፣ ደመና በመጣ ቁጥር አራት ፎቅ እየሮጥሽ እንደወጣሽ። ያኔ ደውዬ «ቡቲኩ ይቆይና ጎረቤቶችሽን ስለ በርበሬያቸው ጠይቂ» ስልሽ የቀለድኩ መስሎሽ ነበር። አልቀለድኩም።

እኔ የተቃጠልኩበትን ታውቂያለሽ። ተክለሃይማኖት ጁስ ቤት የከፈትኩት አጠገቡ ካለው ጁስ ቤት ደጃፍ ሁሌ ሰው ስለማይጠፋ ነበር። ሰልፉን አየሁና ሰፈሩ ጁስ ጠምቶታል አልኩ። ለካስ የሚጠጣው የሰፈሩ ሰው አልነበረም፤ ላይኛው ፎቅ ያለው መሥሪያ ቤት ጉዳይ ኖሮት ወረፋ የሚጠብቅ ባለጉዳይ ነበር። መሥሪያ ቤቱ የተዛወረ ጊዜ ሁለታችንም ባዶ ወንበር ታቅፈን ቀረን። ሰውየውስ ሦስት ዓመት በልቶበታል። እኔ በስምንተኛው ወር መፍጫዎቹን በግማሽ ዋጋ ሸጥኩ። የሚጠጣው ማን እንደሆነ፣ ከየት እንደሚመጣ አንድ ቀን እንኳ ጠይቄ አላውቅም ነበር።

አሁን ወደ ደብተርሽ ልምጣ። በብሎካችሁ ካሉት 28 ቤቶች 19ኙን አነጋግረሻል። ጎበዝ። አምስቱ የተዘጋጀ በርበሬ ከባልትና ቤት ገዝተው ደስ ብሏቸው ይበላሉ፤ እነሱን ተያቸው፣ ልታሳምኚያቸው አትድከሚ። ሦስቱ ከገጠር እናታቸው ይልኩላቸዋል። የቀሩት 11 ዛላውን ራሳቸው ከመርካቶ በርበሬ በረንዳ ገዝተው፣ ራሳቸው ያዘጋጃሉ። አራቱ እንዳንቺ ጣራ ላይ፣ ሁለቱ መኪና ማቆሚያው ላይ፣ ሁለቱ በረንዳቸው ላይ፣ ሦስቱ ደግሞ ግቢ ያለው ዘመድ ቤት ወስደው ያሰጣሉ።

እኔን ያስደነቁኝ እነዚህ ሦስቱ ናቸው። የሦስተኛ ፎቋ እማማ 12 ኪሎ በርበሬ በኮንትራት ታክሲ ሰበታ እህታቸው ቤት ወስደው፣ ሁለት ሌሊት አድረው፣ በታክሲ መለሱት ብለሻል። እስቲ አስቢው፤ ከቤታቸው በታች ባለው መንገድ ባልትና ቤት ሞልቶ እኚህ ሴትዮ ለምን ሰበታ ድረስ ተንከራተቱ? ራስሽ ጽፈሽዋል፤ «ምን እንደሚቀላቅሉበት አላውቅም፣ የራሴን ካላየሁ አልበላም» አሉሽ። ሰው በርበሬ ውስጥ የሸክላ ዱቄት ይጨመራል ሲባል እየሰማ እንዴት ይመን? እንግዲህ ልደታ ላይ በርበሬ አልጠፋም። የጠፋው በርበሬውን የሚያሰጡበት ፀሐይ ያለበት ቦታና አጠገቡ የሚቀመጥ የታመነ ሰው ነው። ድሮ በቀበሌው ቤት ሳለን ግቢው ይሄን ሁሉ በነጻ ይሰጠን ነበር። እማዬ ሰሌን ትዘረጋለች፣ የግቢው ሴቶች ቡና ይዘው ይቀነጥሳሉ፣ ዶሮ እንዳይገባበት ደግሞ እኔና አንቺ እንጠብቃለን። ኮንዶሚኒየም ሲገባ ሰዉ በርበሬ መብላቱን አልተወም፤ ግቢው ብቻ ነው የቀረው።

ስለዚህ ባልትና ቤት ክፈቺ አልልሽም። ከፈትሽ ማለት እማማ የማያምኑትን ዕቃ ጨመርሽ ማለት ነው። ዛላው የራሳቸው ይሁን፣ አንቺ ማስጣቱን፣ መጠበቁን፣ መደለዙንና ወፍጮ ቤት ማድረሱን ሥሪላቸው።

አንድ ነገር ግን አስተውያለሁ። «ብጀምር ታሠሩኛላችሁ?» ብለሽ የጠየቅሻቸው ጊዜ 14 ሰዎች «በጣም ጥሩ ነው፣ ጀምሪ» ብለውሻል። እሱን ሰርዢው። የእኛን ሰው ይሉኝታ ታውቂያለሽ፤ ዓይን ዓይኑን እያየሽው አይሆንም አይልሽም። ከአምስቱ ገዝተው ከሚበሉት እንኳ ሦስቱ «ጀምሪ» ብለዋል እኮ! «ባለፈው ዓመት የት አሰጣችሁ፣ ስንት ቀን ፈጀ፣ ለማን ምን ከፈላችሁ» ያልሻቸው ግን ሁሉም እየተማረሩ ዘርዝረው ነግረውሻል። ያለፈ ነገር ላይ ይሉኝታ የለም። ግማሽ ክፍያ ጠይቂያቸው ስልሽ ደግሞ አራቱ ሰጡሽ። እንግዲህ ደንበኛ ያሉሽ አራት ናቸው፣ አሥራ አራት አይደሉም።

በአራቱ እናስላው። በጠቅላላ 36 ኪሎ ነው። በኪሎ 100 ብር ካስከፈልሽ 3,600 ብር ታገኛለሽ፤ የወፍጮውን ራሳቸው ይክፈሉ። ሁለት ሴት ለሦስት ቀን በቀን 400 ብር ብትቀጥሪ 2,400፣ ለዘበኛው 300፣ የሚቀርሽ 900 ብር ነው። ለሦስት ቀን ፀሐይ ላይ መዋል ትንሽ ነው። ደብተርሽን ሳገላብጥ ግን ማንም ስለ መቀንጠሱ እንዳላማረረ አየሁ። እንዲያውም አንዷ «ማታ ድራማ እያየን ከልጆቹ ጋር ነው የምንቀነጥሰው» ብላሻለች። ታዲያ ለምን ትወስጅባታለሽ? ቀንጥሰው ያምጡልሽ። አንድ ሙሉ ቀን ስለሚቀንስ ለሴቶቹ 1,600 ከፍለሽ 1,700 ይቀርሻል።

አሁን የምትሳሳችበትን ልንገርሽ፣ እማዬም ካጠገብሽ ሆና ታርመኝ። የመጀመሪያው ሚዛን ነው። ዛላው ሲደርቅ ይቀላል፤ ሲደለዝ ነጭ ሽንኩርቱና ዝንጅብሉ ገብቶ ይከብዳል፤ እንደገና ሲሰጣ ይቀላል። 10 ኪሎ የሰጠችሽ ሴት በመጨረሻ የምትረከበው ሌላ ቁጥር ስለሆነ ልቧ ይጠረጥራል። ሲገባ፣ ከመደለዙ በፊት፣ ከወፍጮ ሲወጣ፣ ሦስቱንም ጊዜ እሷው ባለችበት መዝኚና ወረቀት ላይ ጻፊ። የተሸጠው እምነት ስለሆነ አንዴ ከተጠረጠርሽ ብሎኩ በሙሉ ያልቅልሻል። የአንዷ ከሌላዋ እንዳይቀላቀልም ለየብቻው ሸራ አንጥፊ፤ ከረጢቱን በየቀለሙ ክር እሰሪው። ወፍጮ ቤት ስትሄጂ ድንጋዩ ላይ የቀደመው ሰው ትራፊ አለ፤ መጀመሪያ አንድ እፍኝ አስፈጭተሽ ለብቻ አውጪው። ከሽሮ በኋላ ከሆነማ ተራሽን ልቀቂ።

ሁለተኛው እርጥበት ነው። የደረቀ ዛላ ሲወዛወዝ ፍሬው ይንኮሻኮሻል፣ ሲታጠፍ ቀጭ ብሎ ይሰበራል። እንደ ቆዳ ከተለመጠ አልደረቀም፤ ያንን ካስፈጨሽው ዕቃው ውስጥ ይጋገራል፣ ይሻግታል። ከየከረጢቱ ጥቂቱን ሰንጥቀሽ ውስጡን እዪ፤ ላዩ ቀይ ሆኖ ውስጡ ግራጫ አቧራ የመሰለ ነገር ከያዘ ሻጋታ ነው። ባለቤቷን ጠርተሽ አሳያትና አስጥያት። ሻጋታው የሚያመነጨው መርዝ በመፍጨትም በማመስም አይለቅም። ማታ ደግሞ ጤዛ ሳይወርድ ሰብስቢው፤ ዘበኛው ነገ ጠዋት አነሳዋለሁ ካለሽ አትስሚው።

ቦታውን በተመለከተ እንደ በፊቱ ዝም ብለሽ ጣራ ላይ አትውጪ። ጣራው የሁሉም ነው። የነዋሪው ማኅበር በየትኞቹ ቀናት፣ በየትኛው በኩል እንደምታሰጪ በጽሑፍ ይፍቀድልሽ፤ ያቺ ባለ አንሶላዋ ጎረቤትሽም ስብሰባው ላይ ትኑር። ልብስ የሚሰጣበትን ቀን እሷ ትምረጥ። መደለዙ ለእርድ ተብሎ በተሠራው የጋራ ቤት ውስጥ ቢሆን ይሻላል፤ ደረጃ ላይ ከሆነ ሕፃናቱን በሳል ትጨርሻቸዋለሽ። ለአራት ቤት ሙከራ ነው እንጂ ሥራው ከሰፋ ወረዳ ሄደሽ ስለ ንግድ ፈቃዱ ጠይቂ፤ የሚበላ ነገር ነውና ጥያቄ ይበዛበታል።

ይሄን ሁሉ ብዬ ግን አልዋሽሽም፤ አንድ ቤት በርበሬ የሚያዘጋጀው በዓመት አንዴ፣ ቢበዛ ሁለቴ ነው። 28 ቤት አያኖርሽም፤ አጠገባችሁ ያሉትን ብሎኮች ካልጨመርሽ የጎን ሥራ ሆኖ ይቀራል። ክረምት ሲገባ ከሰኔ እስከ መስከረም ፀሐይ የለምና ምንም አትሠሪም። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ግን ከውጭ ለዕረፍት የመጣው ሰው ሲመለስ ሻንጣው ውስጥ በርበሬ ሳይዝ አይወጣም። ለእነሱ የሚሆነው በግንቦት መጨረሻ ተፈጭቶ ማለቅ አለበት። አብሮኝ የሚኖረው ልጅ ከአሁኑ እናቱን ከአንቺ ጋር አገናኘኝ ብሎኛል፤ ቤታቸው አብነት ነው፣ እነሱም ፎቅ ላይ ናቸው። በደብተርሽ አምስተኛ አድርገሽ አትጻፊያት፤ ገና አልከፈለችም።

የቡቲኩን ገንዘብ አልላክሁትም፣ አትቀየሚኝ። ዛሬ የላክሁት ለሚዛን፣ ለአራት ሸራና ለሴቶቹ የሁለት ቀን ብቻ ነው። ሸራው ላስቲክ እንዳይሆን፤ ላስቲክ ከሥር ያልበዋል። ጾሙ ሊገባ ነው፤ ፋሲካ ሚያዝያ 12 ስለሆነ የዶሮ ወጡ በርበሬ ከዚያ በፊት ተፈጭቶ መድረስ አለበት፤ የበልጉም ዝናብ አይታመንም። የመጀመሪያውን ከእማማ ጀምሪ፤ እሳቸው ረክተው ሰበታ ካልሄዱ ወሬውን ደረጃው ራሱ ያወርድልሻል። ሲያልቅ የሦስቱንም ጊዜ ሚዛን በቴሌግራም ፎቶ አንሺና ላኪልኝ። ካማረሩም ያማረሩትን ሳታሳምሪ ጻፊልኝ።

እማዬን እግሯን በጨው ውኃ ትዘፍዝፈው በይልኝ። የዚህ ዓመቱ በርበሬ ኮረሪማው በዝቷል ብላ እንደምትቆጣ አውቃለሁ፣ እኔ ግን ወድጄዋለሁ። ለጎረቤቶቹ ሁሉ ሰላም በይልኝ፣ ለባለ አንሶላዋም ጭምር።

የሚናፍቅሽ ወንድምሽ