የንግግር ክበብ፦ ጥያቄው አልቆ ንግግሩ ሳይዘጋ

ዘንድሮ ክበባችን ክርክር አዘጋጅቷል፣ ግጥም አንብቧል፣ ማይክ አያያዝም ተለማምዷል። ስለ እነዚህ አባላቱ ራሳቸው ቢያወሩ ይሻላል። እኔ የማወራው ግማሽ ዓመት ስለፈጀብን አንድ ትንሽ ነገር ነው። ተናጋሪ የአድማጭን ጥያቄ ከመለሰ በኋላ ወደ መዝጊያው የሚመለስባት አንዲት ዓረፍተ ነገር አለች። እኛ “ድልድይ” እንላታለን።

ነገሩ የጀመረው በአንድ ጥፋት ነው። ጥፋቱ ደግሞ የእኔ ነበር። አንዲት የዘጠነኛ ክፍል አባላችን ስለ እንቅልፍ ተናገረች። በእሷ ዕድሜ ያለ ልጅ በቀን ከ8 እስከ 10 ሰዓት መተኛት እንዳለበት፣ ስልክ ትራስ ሥር ሲያድር ግን ይህ እንደሚሸራረፍ አስረዳች። “ዛሬ ማታ ስልካችሁን ሌላ ክፍል አሳድሩት” ብላ ዘጋች። ተጨበጨበ። እኔም “ጥያቄ ያለው?” አልኩ። ሦስቱን ጥያቄዎች ጥሩ አድርጋ መለሰች። አራተኛው ከኋላ መጣ፦ “ቆይ፣ የአንቺስ ስልክ ምን ዓይነት ነው?” ሳቅ፣ ከዚያ ደወል። በሳምንቱ ከንግግሩ ምን እንደሚያስታውሱ አባላቱን ስጠይቅ መጀመሪያ የመጣው ያ የስልክ ጥያቄ ነበር። ሌላ ክፍል ስለማሳደር ያነሳው አንድ ልጅ ብቻ ነው።

ሰው መጨረሻ ላይ የሰማው ነገር ይቀርበዋል። እኛ ደግሞ የመጨረሻውን ቃል ለጠያቂው ሰጥተን ወጣን። ከዚያ በኋላ ቅደም ተከተሉን ቀየርን፤ ጥያቄው ከመዝጊያው በፊት ይገባል። ተናጋሪው አስቀድሞ ይናገራል፦ “አሁን ሦስት ጥያቄ እቀበላለሁ፤ ከዚያ በአንድ ሐሳብ እጨርሳለሁ።” ይህ ካልተነገረ አድማጩ ከመጨረሻው መልስ በኋላ ያጨበጭብና መዝጊያው በጭብጨባው ውስጥ ሰምጦ ይቀራል።

ቅደም ተከተሉ ተስተካከለ። አሁን ደግሞ መሻገሪያው ጠፋ። ልጆቹ መልሳቸውን ይጨርሱና “እና... ወደ ዋናው ሐሳቤ ስመለስ...” ይላሉ። ሲሰማ መኪና ማርሽ ሲቀይር እንደሚንገጫገጨው ነው። አንዳንዶቹ ድልድዩን ከቃል እስከ ቃል ሸምድደው መጡ። እሱም አልሠራም፤ የሚመጣው ጥያቄ አስቀድሞ ስለማይታወቅ ሽምደዳው ከጥያቄው ጋር አይገናኝም።

የሠራልን ግማሹን ክፍት፣ ግማሹን ዝግ ማድረግ ነው። የድልድዩ ፊተኛ ክፍል ባዶ ይተዋል፤ እዚያ የሚገባው ከጠያቂው አፍ የወጣ አንድ ቃል ነው። ኋለኛው ክፍል ግን በቃል ይያዛል፤ የመዝጊያውን ዋና ቃል የሚጠራ መሆን አለበት። ስለዚህ ሥራው ከኋላ ወደፊት ነው። መጀመሪያ መዝጊያው ይጻፋል፣ ከሱ ዋናዋ ቃል ይሰመርባታል፣ ከዚያ ወደ እሷ የሚያደርሱ ሦስት ወይም አራት የኋላ ግማሾች ይዘጋጃሉ።

ያቺው ልጅ በሁለተኛው መንፈቅ ዓመት ያንኑ ንግግር ደገመችው። ያሰመረችበት ቃል “ሌላ ክፍል” ነበር። ለልምምድ ጥያቄዎችን በቁራጭ ወረቀት ጽፈን በቆርቆሮ ውስጥ ጨመርን። እሷ እያወጣች ትመልሳለች፣ አንድ አባል ሰዓት ይይዛል። ልካችን ለመልስ እስከ 40 ሰከንድ፣ ለድልድይ 10፣ ለመዝጊያ 30 ነበር።

አንደኛው ወረቀት “አላርሜስ? ስልኬ ነው የሚቀሰቅሰኝ” ይላል። መለሰች፦ ደወሉን ከፍ አድርገሽ በሩን ክፍት ተዪው፤ ለማጥፋት መነሳትሽ አይቀርም። ድልድዩ፦ “አላርሙ ከአልጋ የሚያስነሳሽ፣ ሌላ ክፍል ሲሆን ነው።” ይህ ቀላል ነው፤ ጥያቄው ራሱ ወደ መዝጊያው ያዘነብላል።

ሁለተኛው ከረረ፦ “የሚያስመሸን የቤት ሥራ ነው፤ ለምን ስልክ ላይ ትለጥፉታላችሁ?” (ይህን የጻፈው ማን እንደሆነ እጁን አውቀዋለሁ።) በመጀመሪያው ሙከራ መልሱን ዘላ ወደ ድልድዩ ሮጠች። ክፍሉ አጉረመረመ፤ እውነቱን ነው። ሳይመልሱ መሻገር ማምለጥ ነው፣ አድማጭም ወዲያው ያውቀዋል። በሁለተኛው ሙከራ እንዲህ አለች፦ “ልክ ነህ፣ የቤት ሥራ የሚበዛበት ሌሊት አለ፤ ያን ቀን ስልክ ብደብቅም አመሻለሁ።” ከዚያ ትንሽ ቆም ብላ፦ “የቤት ሥራውን ብዛት እኔ አልወስንም። ስልኬ የሚያድርበትን ክፍል ግን እኔ ነኝ የምወስነው።” እዚህ ጋ ድልድዩ የጠያቂውን ቃል ተውሶ ወደ ራሷ መዝጊያ አዞረው። የዓመቱ ምርጥ ድልድይ ይህ ነበር ብዬ አምናለሁ።

ሌላው ችግር ዓይን ነው። ተናጋሪው ድልድዩን ጠያቂውን እያየ ከተናገረው ጠያቂው ንግግሩ ገና ከእሱ ጋር ነው ብሎ ሌላ ጥያቄ ያስከትላል። ስለዚህ መልሱ ለጠያቂው ይጀመራል፤ ድልድዩ ላይ ሲደረስ ዓይን ወደ መላው ክፍል ይነሳል። “መለስኩልህ?” የሚለውንም አስቀረን። ጨዋነት ይመስላል እንጂ ማይኩን መልሶ ማስረከብ ነው። “ጥሩ ጥያቄ ነው” የሚለውን ደግሞ እኔ በግሌ ስለማልወደው ከለከልኩ። አባላቱ አሁንም ይከራከሩኛል።

ማንም የማይጠይቅበት ቀንም አለ። ለሱ አንድ ድልድይ በኪስ ይያዛል፦ “ብዙ ጊዜ የምጠየቀው አንድ ነገር አለ” ብሎ ራስን መጠየቅ፣ በአጭሩ መመለስ፣ ከዚያ መዝጋት። ነገር ግን በእውነት ተጠይቀው የሚያውቁትን ይሁን፤ የፈጠራ ጥያቄ ድምፁ ያስታውቃል።

ድልድይ የማይሠራበት ቦታ እንዳለ ያየነው በመጨረሻው ዝግጅት ላይ ነው። አንዲት ተማሪ ተነስታ፣ እናቷ ታማሚ ስለሆነች ሌሊት ስልኳን ከአጠገቧ ማራቅ እንደማትችል ተናገረች። ክፍሉ ጸጥ አለ። አባላችን ድልድይ ተዘጋጅቶላት ነበር፤ አልተጠቀመችበትም። “አንቺ ስልክሽን አጠገብሽ አድርጊው። እናትሽን ይማርልሽ” አለቻት። ከዚያ ሦስት ብላ የነበረውን ረስታ፣ “አንድ ጥያቄ ልጨምር” አለች። የመጣው ስለ ቴሌቪዥን የሚጠይቅ ተራ ጥያቄ ነበር። በእሱ ተሻገረች።

መዝጊያዋም በዚያች ልጅ ምክንያት ተለወጠ። የተጻፈው “ዛሬ ማታ ስልካችሁን ሌላ ክፍል አሳድሩት” ነበር። እሷ የተናገረችው፦ “የምትጠብቁት ሰው ከሌለ፣ ዛሬ ማታ ስልካችሁን ሌላ ክፍል አሳድሩት።” ሰዓት ያዡ ልጅ 34 ሰከንድ ብሎ መዘገበ፤ ከልካችን 4 ሰከንድ አልፏል ብሎም ከሰሰ። ክሱን ውድቅ አደረግኩት።