ደሴ ላለሽው እህቴ፣ ስለ ቅዳሜው ልደት

ውድ እህቴ፣

እንደምን ከረምሽ? ልጆቹስ፣ እናትሽስ ደህና ናቸው? ዝምታዬ በዛ፤ ይቅር በይኝ፣ ሌላውን ስንገናኝ እናወራዋለን። አሁን ብዕር ያስነሳኝ ወንድምሽ ነው። እዚህ ኮምቦልቻ ገበያ ላይ አግኝቶኝ ሚጡ ስድስት ዓመት ሊሞላት እንደሆነ፣ ለቅዳሜ አሥራ አምስት ልጅ እንደጠራሽ፣ ወደ ደሴ ከወጣሽ ወዲህም ኬክሽ መሃሉ እየሰመጠ እንዳስቸገረሽ ነገረኝ። ይኼን ሰምቼ እንዴት ዝም ልበል?

ከሁሉ በፊት የሥጋ ሳምቡሳውን ተዪው። የተጠሩት ልጆች ሙስሊምም ክርስቲያንም ናቸው፤ ሥጋ ካለ እርዱም ሳህኑም ሊለይ ነው፣ እየተሯሯጠ የሚበላ ልጅ ደግሞ ሳህን አይለይም። የምስር ሳምቡሳ አድርጊውና ሁሉም ከአንድ ትሪ ያንሳ። ቅዳሜ ስለሆነ ኬኩ ውስጥ እንቁላልና ወተት ቢገባ ችግር የለውም፤ ወደ ዓርብ ከገፋሽው ግን የሚጾም ቤት ልጅ ኬኩን እያየ ይቀራል።

ለአሥራ አምስት ልጅ ሁለት ሁለት ብትይ ሠላሳ ሳምቡሳ ነው፣ ለእናቶቹ አሥር ጨምሪና አርባ ይሁን። ለዚህ ሦስት ሩብ ኪሎ ፉርኖ ዱቄትና ግማሽ ኪሎ ድፍን ምስር ይበቃል። ዱቄቱን በጨው፣ በሦስት የሾርባ ማንኪያ ዘይትና በአንድ ተኩል ብርጭቆ ውሃ ጠንከር አድርገሽ አቡኪው፤ ውሃውን ግን ቀስ በቀስ ጨምሪ፣ ሁሉንም ላይፈልገው ይችላል። ግማሽ ሰዓት ሸፍነሽ አሳርፊው። ሳያርፍ ከዳመጥሽው እየተሰበሰበ ያስቸግርሻል። ከዚያ ሃያ ቦታ ድቡልቡል አድርጊ፣ እያንዳንዱን በስሱ ዳምጠሽ ለሁለት ቁረጪ፣ አርባ ሆነልሽ።

ሳምቡሳ ዘይት ውስጥ የሚፈነዳው ብዙ ጊዜ በምስሩ ምክንያት ነው። ምስሩ ውሃ ከያዘ ውስጡ እንፋሎት ይሆንና ስፌቱን ይበረግደዋል። ስለዚህ በሁለት ጣት ሲጫኑት የሚፈርስ፣ ቅርፊቱ ግን ያልተላጠ ሲሆን አውጥተሽ በወንፊት አጥልዪው፣ ትሪ ላይ ዘርግተሽ እስኪቀዘቅዝ ተዪው። ደሴ ላይ ውሃ 92 ዲግሪ አካባቢ ስለሚፈላ ምስሩ ከኮምቦልቻው ዘግይቶ ይበስላል፤ ቀደም ብለሽ ጣጂው። አራት ሽንኩርት በጥቂት ዘይት አቁላልተሽ፣ ሦስት ካሮት በደቃቁ ፈቅፍቀሽ ከሽንኩርቱ ጋር እርጥበቱ እስኪጠፋ አማስይና ከምስሩ ጋር ደባልቂው። ቃሪያ ሲበዛ ደስ እንደሚልሽ አውቃለሁ፤ እባክሽ ይህን አንድ ቀን ታገሺ፣ ፍሬው የወጣ አንድ ቃሪያ ይበቃል። የምትወጂውን ለእናቶቹ አሥር ላይ አድርጊው፣ ግን ሳህኑን ለይተሽ አስቀምጪ።

ጫፉን በውሃ በተበጠበጠ ዱቄት አጣብቂው። ዘይቱ መድረሱን ለማወቅ ቁራጭ ሊጥ ጣይበት፤ ወዲያው እየተንተከተከ ከተንሳፈፈ ደርሷል፣ ታች ከቀረ ገና ነው፣ ሳምቡሳውም ዘይት ይጠጣል። አምስት አምስት እያደረግሽ ጥበሺ። ከወጣ በኋላ ክዳን አትክደኚበት፣ በራሱ ላብ ይልማል።

ወደ ኬኩ ልምጣ፤ ዋናው ጭንቀቴ እሱ ነው። ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፣ ደሴ ደግሞ 2,500 ሜትር ገደማ። ከፍ ሲባል የአየሩ ግፊት ይቀንሳል፣ የቤኪንግ ፓውደሩ ጋዝም በቀላሉ ይለጠጣል። ኬኩ ገና ሳይጸና ያብጥና አረፋው ሲፈነዳ መሃሉ ይወርዳል። ስለዚህ እዚህ የለመድሽውን ልክ እንዳለ አትውሰጂው። ለሦስት ብርጭቆ ፉርኖ ዱቄት ሦስት የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ፓውደር ታደርጊ የነበረውን ሁለት ከሩብ አድርጊው። ስኳሩን ከአንድ ተኩል ብርጭቆ ወደ አንድ ከሩብ አውርጂው። ስኳር ሲበዛ የኬኩን መጽናት ያዘገያል፣ ለልጆቹም ማነሱ ይሻላል። ወተቱ አንድ ብርጭቆ ከነበረ አራት የሾርባ ማንኪያ ጨምሪበት፣ እርጥበቱ እዚያ ቶሎ ይተናልና። አራት እንቁላልና ሦስት ሩብ ብርጭቆ ዘይት እንዳሉ ይቆዩ። ምድጃውን ከ180 ወደ 190 ዲግሪ ከፍ አድርጊው፣ ቶሎ እንዲጸና። የመጀመሪያዎቹን ሃያ አምስት ደቂቃ አትክፈቺው። መሃሉን በስንጥር ወግተሽ ደርቆ ሲወጣ በስሏል።

ዓርብ ማታ ጋግሪው፤ ቅዳሜ መብራት ቢጠፋም አትደነግጪም፣ ያደረ ኬክም ሳይፈረፈር ይቆረጣል። 20 በ30 ሴንቲሜትር በሆነ ፓትራ ከጋገርሽው አራት በስድስት አድርገሽ ሃያ አራት ቁራጭ ታወጪያለሽ፤ ለስድስት ዓመት ልጅ አንዷ ትበቃለች። ክሬም አያስፈልገውም፣ የተፈጨ ስኳር በወንፊት ንፊበት።

ፍራፍሬው ሳህን ላይ ተቆልሎ የሚቀረው ከኬኩ በኋላ ስለሚመጣ ነው። ልጆቹ 9 ሰዓት ላይ ሲገቡ፣ ገና ሳይጠግቡ፣ በትንንሽ ኩባያ አድርገሽ ለእያንዳንዱ በእጁ ስጪው። አንድ ኪሎ ተኩል የሚሆን ፓፓያ፣ ስድስት ሙዝና አምስት ብርቱካን ለሁሉም ይደርሳል። ፓፓያውና ብርቱካኑ ጠዋት ይቆረጥ። ሙዙ ግን እንዳይጠቁር መጨረሻ ላይ ተቆርጦ የብርቱካኑ ጭማቂ ይረጭበት። በስንጥር አትሰኪው፣ እየሮጡ ነው የሚበሉት።

ፈንድሻ ላይ ብዙ አልልም፤ አንድ ብርጭቆ በቆሎ ትልቁን ሳፋ ይሞላል፣ ስኳሩን ትተሽ ጨው ብቻ አድርጊበት። ታላላቆቻቸውን ተከትለው የሚመጡ ከአራት ዓመት በታች ያሉ ልጆች ካሉ ግን ፈንድሻና ለውዝ አትስጫቸው፣ ጉሮሮ ላይ ይቀራል። ለውዝ የማይስማማው ልጅ እንዳለም እናቶቹን አስቀድመሽ ጠይቂ።

ሳምቡሳው ከጨዋታው መሃል ይምጣ፣ ኬኩና ድፎው ከዘፈኑ ጋር፣ ለስላሳው ከኬኩ ጋር ብቻ። አንዱ የሁለት ሊትር ጠርሙስ ለአሥራ አምስት ሲካፈል ለእያንዳንዱ 130 ሚሊ ሊትር ይደርሳል፣ በቂ ነው። እስከዚያ ጠረጴዛው ላይ ውሃ ብቻ ይኑር። ለስላሳው ቀድሞ ከወጣ ሆዳቸው በጋዝ ይሞላና ሳምቡሳው ተነክሶ ይጣላል። ከረሜላውን በትንሽ ወረቀት ጠቅልለሽ ሲወጡ በር ላይ ስጫቸው።

ድፎውን እናትሽ ይቁረጡት፤ ምርቃታቸውን እንደምወደው ታውቂያለሽ። እና... እንዴት ልበልሽ፣ ይህን ሁሉ ዘመን ጠፍቼ ሳልጠራ መምጣት ከብዶኝ ነው እንጂ ዓርብ ከሰዓት ብወጣ ሳምቡሳውን አብረን እንጠቀልለው ነበር። ካልከፋሽ ንገሪኝ። ፓፓያውን የበሰለ መርጬ ከዚህ ይዤ እመጣለሁ፣ አንቺ እንዳትገዢ። ብቻ ፓትራሽ ስንት በስንት እንደሆነ ለክተሽ ላኪልኝ፤ ከ20 በ30 ካነሰ ሊጡ ሞልቶ ስለሚፈስ የኔን እይዛለሁ።

ያንቺው