ልጄ፣ ባነሩን ገና አታሠሪው

ልጄ ሆዴ፣ እንደምን ሰነበትሽ። የላክሽልኝን የባነር ጽሑፍ አየሁት። ክፍያ እንቀንስ ያልሽውንም ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ደውዬ ልመልስልሽ ነበር፣ ግን ነገሩ ቁጥር ስለበዛበት ቁጭ ብዬ ብጽፈው ይሻላል ብዬ ነው።

ጭንቀትሽ ይገባኛል። ከአስፋልቱ ማዶ ያለው ትምህርት ቤት «የ8ኛ ክፍል ተማሪዎቻችንን 100% አሳለፍን» ብሎ ሰቅሏል፣ በወር 2,900 ብር ያስከፍላል። አንቺ ደግሞ 90 በመቶና 3,200 ብር ይዘሽ ምዝገባ ልትከፍቺ ነው። ወላጅ በሩ ላይ ቆሞ የሚጠይቀው ሁለት ጥያቄ ብቻ ነው፤ «ሚኒስትሪ ስንት አሳለፋችሁ? ወርሃዊው ስንት ነው?» በሁለቱም ከተሸነፍን ምን ልንል ነው ብለሻል። እኔ የምልሽ፣ በነሱ ሚዛን ላይ አትውጪ። ወላጁ የሚቆጥረውን ነገር ሰፋ አድርጊለት።

መጀመሪያ መቶ በመቶውን እንየው። እነሱ ዘንድሮ ያስፈተኑት 24 ልጅ ነው። አምና 7ኛ ክፍል የነበሩት ግን 35 ነበሩ። 11ዱ የት ገቡ? አራቱ እኛ ጋ ነው የመጡት፣ መልቀቂያቸውን የተቀበልኩት እኔ ራሴ ነኝ። አንዷ እናት እንደነገረችኝ «ልጅሽ 8ኛን ስለማይችል ሌላ ቦታ ፈልጊለት» ተብላ ነው የወጣችው። ደካማውን ከ7ኛ ሸኝተሽ ከ35 በ24 ብትፈተኚ መቶ በመቶ ማምጣት አይከብድም። ከ35ቱ እዚያው ተፈትነው ያለፉትን ብትቆጥሪ ግን 69 በመቶ ገደማ ነው የሚሆነው።

የኛን ደግሞ እይው። ዘንድሮ 40 አስፈተንን፣ 36 አለፉ። ከወደቁት አራት ልጆች ሁለቱ በመስከረም ከማዶ የመጡት ናቸው። ከ7ኛ ጀምሮ እኛ ጋ የነበሩት 36 ሲሆኑ 34ቱ አልፈዋል። ይህን የምነግርሽ እንድታውቂው እንጂ ባነር ላይ እንድታወጪው አይደለም። እነዚያ ሁለት ልጆች አሁን የኛ ናቸው፣ «ከውጭ የመጡ ናቸው የወደቁት» የሚል ቃል ከአፍሽ እንዳይወጣ። የጎረቤትንም ስም አታንሺ። ወላጁ «ስንት አሳለፋችሁ» ሲልሽ፣ «ከ40 36። አምና 7ኛ ክፍል ከነበሩት ልጆቻችን ወደሌላ ከተማ ከሄደች አንዲት ልጅ በቀር ያላስፈተንነው የለም፣ ማንንም አላስወጣንም» በይው። ከዚያ ሌላ ቦታ ሲሄድ «7ኛ ላይ ስንት ነበሩ?» ብሎ እሱ ራሱ ይጠይቃል።

ደግሞ 40 ልጅ ብቻ ስታስፈትኚ አንድ ልጅ ማለት 2.5 በመቶ ነው። በፈተናው ሳምንት ሁለት ልጅ ቢታመም 5 በመቶ ወረድሽ ማለት ነው። ዘንድሮ በመቶኛ ከተማመንሽ በሚቀጥለው ዓመት ያው መቶኛ ራሱ ያሳፍርሻል።

ወላጅ ራሱም መቶኛን በሙሉ ልቡ ማመን ካቆመ ቆይቷል። የ2014 የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ዩኒቨርሲቲ ገብተው ሲፈተኑ የሆነውን ታስታውሻለሽ። ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ፣ ከአንድ ሺህ በላይ ትምህርት ቤቶችም አንድም ልጅ አላሳለፉም። እስከዚያ ድረስ ካርዱ ላይ ዘጠና ሲያዩ የኖሩ አባትና እናት ነበሩ በዚያ ሳምንት ድርቅ ብለው የቀሩት። ፍርሃቱ እስካሁን አለ። «ልጄ እውነት ያውቃል ወይስ ካርዱ ነው የሚያውቀው?» የሚል ፍርሃት ነው። የኛ ቦታ እዚህ ላይ ነው ልጄ። ያንን ጥያቄ በማስረጃ የሚመልስ ትምህርት ቤት በሰፈሩ የለም።

ማስረጃው ደግሞ አለሽ፣ ቢሮ ውስጥ መደርደሪያው ላይ ያለው ሰማያዊ የንባብ መዝገብ ነው። ሦስት ዓመት ሙሉ የያዝኩት ለጌጥ አይደለም። ልጁ ገብቶ በመጀመሪያው ሳምንት፣ አይቶት የማያውቀውን ጽሑፍ ለአንድ ደቂቃ ጮክ ብሎ ያነባል፣ በትክክል ያነበበው ቃል ይቆጠራል፣ ከዚያ ስላነበበው ነገር ሦስት ጥያቄ ይጠየቃል። ታኅሣሥ ላይ ይደገማል፣ ግንቦት ላይ ይደገማል። አማርኛውም እንግሊዝኛውም ለየብቻ።

አንድ የ3ኛ ክፍል ልጅ ትዝ ይለኛል፣ በካርዱ አማካዩ 94፣ ከክፍሉ ሁለተኛ ወጥቶ የመጣ። እናቱ ካርዱን በፕላስቲክ አስለብጣ ነው የያዘችው። ልጁን አጠገቤ አስቀምጬ ወረቀቱን ሰጠሁት። ጣቱን ከቃሉ ሥር አድርጎ የመጀመሪያዋን ፊደል ያይና የቀረውን ይገምታል፤ «ገበሬው» የሚለውን «ገበያው» ብሎ አለፈ። በደቂቃ 17 ቃል። እናትየው ዝም አለች፣ እኔም ምንም አልጨመርኩም፣ 17ን ፊቷ መዝገቡ ላይ ጻፍኩት። ታኅሣሥ ላይ 31 ሆነ። ግንቦት ላይ 52 አነበበና ሦስቱንም ጥያቄ መለሰ። እናቱ «ይህችን ገጽ ፎቶ ላንሳት?» አለችኝ። በሚቀጥለው መስከረም እህቷ ሁለት ልጆች ይዛ መጣች። ያንን ባነር አይሠራውም።

ብቻ መዝገቡ የሚበላሽበት መንገድ አለ፣ ተጠንቀቂ። የክፍሉ መምህር ራሱ ከለካ ቁጥሩን ያሳምረዋል፣ ክፉ ስለሆነ አይደለም፣ ማንም ቢሆን የራሱን ተማሪ ዝቅ አድርጎ መጻፍ ይከብደዋል። ስለዚህ የ2ኛ ክፍሉን የ4ኛ ክፍሏ መምህርት ትለካው። ጽሑፉን አንቺ ቆልፈሽ ያዢ፣ በየጊዜው ለውጪው። ቁጥሩ በአንድ ክፍል ብቻ በድንገት ተመንጥቆ ካየሽ ጽሑፉ አስቀድሞ ወጥቷል ማለት ነው፤ ሌላ ወረቀት ይዘሽ አምስት ልጅ ራስሽ ለኪ።

አሁን ወደ ክፍያው። 300 ብር እንቀንስ ብለሻል። 420 ተማሪ አለሽ። 300 በ420፣ በ10 ወር፣ 1,260,000 ብር ነው። አንድ መምህር በ14,000 ብር 12 ወር ስትከፍይው 168,000 ነው፣ ምክንያቱም ወላጅ 10 ወር ይከፍላል፣ መምህር ግን ክረምቱንም ይበላል። ስለዚህ ያ 300 ብር ከሰባት መምህር ደመወዝ በላይ ነው። ከማን ትቀንሺዋለሽ? ደመወዝ ካልጨመርሽ ጥሩ ጥሩዎቹ ጥር ላይ ይሄዳሉ፣ አንድ ክፍል በዓመት ሦስት የሒሳብ መምህር ሲያይ ደግሞ ልጆቹ ቤት ገብተው ይናገራሉ። በዚያ ላይ ማዶዎቹ 2,800 ቢያደርጉት ምን ልታደርጊ ነው? አንዴ ካወረድሽው መልሶ መጨመር ማለት ወላጅ ጠርቶ፣ አዳራሽ ሙሉ ሰው ፊት ቆሞ መከራከር ነው። እኔ ቆሜበታለሁ፣ ቀላል አይደለም።

ወላጅ ወርሃዊውን ብቻ የሚያወዳድረው ሌላውን ስለማንደምርለት ነው። ማዶ ልጇን የምታስተምረውን ጎረቤታችንን ጠየቅኳት። 2,900 ለትምህርት ቤቱ፣ 2,500 ደግሞ በሳምንት ሦስት ቀን ቤት ለሚመጣው አስጠኚ። 5,400 ብር! አስጠኚውም የዚያው ትምህርት ቤት መምህር ነው። ቀን ያላስተማረውን ማታ እየሸጠላት ነው ብዬ አልወቅሰውም፣ ደመወዙ አይበቃውም። ግን በዚህ አሠራር ልጁ ክፍል ውስጥ ባይገባው ለመምህሩ ኪሳራ የለበትም። እኛም ጋ ሦስት መምህራን ተማሪዎቻቸውን ቤት እየሄዱ እንደሚያስጠኑ ታውቂያለሽ።

ስለዚህ ሐሳቤ ይሄ ነው። ከሰኞ እስከ ሐሙስ ከ9፡30 እስከ 10፡30 ልጆቹ ትምህርት ቤት ውስጥ የቤት ሥራቸውን ጨርሰው ይሂዱ። 12 መምህራን ይቆያሉ፣ ለእያንዳንዳቸው በወር 2,000 ብር ጨምሪላቸው። በ10 ወር 240,000 ነው። ከ1ኛ እስከ 8ኛ ላሉት 300 ልጆች ስታካፍይው በዓመት 800፣ በወር 80 ብር ይደርሳል። ክፍያሽ 3,280 ይሁን፣ አትቀንሺው። ለወላጁ ደግሞ «3,280 ነው፣ አስጠኚ አያስፈልግዎትም» በይው። ወረቀት ላይ ምዝገባውን፣ መጽሐፉን፣ ዩኒፎርሙን፣ ሰርቪሱን ዘርዝረሽ የዓመቱን ድምር ጻፊለት። በጥቅምት ሌላ መዋጮ አይምጣ፣ አንድ ብር እንኳ ብትጠይቂ ያ ወረቀት ውሸት ይሆናል።

ይህ ሰዓት ግን በመምህራኑ ጉሮሮ ላይ እንዳይቆም አስቀድመሽ አነጋግሪያቸው። በአስጠኚነት የሚያገኙትን ልትወስጂባቸው ነው፣ 2,000 ለአንዳንዱ ላይበቃው ይችላል። አንድ ሰው የራሱን ክፍል ተማሪ በክፍያ እንዳያስጠና፣ የሌላ ትምህርት ቤት ልጅ ግን ማስጠናት እንደሚችል ውል ውስጥ ይግባ። ደግሞ ሰዓቷ ቀስ በቀስ የ8ኛ ክፍል ወርክሺት መሙያ እንዳትሆን። የ1ኛና የ2ኛ ክፍል ልጅ በዚያ ሰዓት ያንብብ። ሚኒስትሪ የሚሠራው እዚያ ነው፣ 8ኛ ሲደርስ ብትሯሯጪ ዘግይተሻል።

ሁሉም ወላጅ አይመጣልሽም። ልጁ ገና ኬጂ እያለ እንግሊዝኛ ሲናገር መስማት የሚፈልግ አለ፣ ወደ ትልልቆቹ ይሂድ። 300 ብሯ እውነት የዳቦ ዋጋዋ የሆነች እናት አለች፣ እሷን የጥናት ሰዓት አያሳምናትም፤ ለሁለት ለሦስት ልጅ ነፃ ቦታ ከመያዝ ሌላ መልስ የለኝም። የኛ ሰው ባልና ሚስት ሠርተው ማታ አንድ ሰዓት ላይ ቤት የሚገቡት ናቸው፣ ልጁን ለማስጠናት ዓይናቸው የማይገለጥ፣ ለአስጠኚም በወር በወር እየከፈሉ የሚያማርሩ። በሰፈሩ ኮንዶሚኒየም ሞልተዋል። ለነሱ አውሪ።

ወላጅ ሲመጣ ቢሮ አስቀምጠሽ ብሮሸር አትስጪው። 10 ሰዓት ላይ እንዲመጣ ንገሪውና የጥናቱን ክፍል በር ከፍተሽ አሳይው። የልጁን ንባብ እዚያው ፊቱ ለኪለት፣ ባይመዘገብም ቁጥሩን በወረቀት ጽፈሽ ስጪው። ወስዶ ማቀዝቀዣው ላይ ይለጥፈዋል።

አንድ ሥራ ደግሞ አለብሽ። አምና ከኛ ወጥተው ዘንድሮ 9ኛን የጨረሱትን ልጆች ወላጆች አንድ በአንድ ደውለሽ የሁለቱን መንፈቀ ዓመት ውጤት ጠይቂ። ጥሩ ያልሆነውንም ጻፊ። በየትኛው ትምህርት እንደሚያዝኑብን እሱ ይነግረናል፣ እኔ በሒሳብ ይመስለኛል።

ቅዳሜ ከቅዳሴ መልስ እመጣለሁ። ሰማያዊውን መዝገብና የ7ኛ ክፍልን የአምና ስም ዝርዝር ጠረጴዛው ላይ አድርጊልኝ። ሦስቱን መምህራን አርብ ሳይወጡ አነጋግሪያቸው፣ ከኔ አፍ ባይሰሙት ይሻላል። ለባነር ሠሪው ደውለሽ እስከ ሰኞ ጠብቀኝ በይው።

እናትሽ