ሦስት ፍሬ ሽምብራ፦ ለእታለም የተጻፈ ደብዳቤ

ይድረስ ለውድ እህቴ ለእታለም፣

ለጤናሽ እንደምን ከርመሻል? አባባና እምዬስ እንዴት ናቸው? የአባባ ዓይን ትንሽ ተሻላቸው? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ሊድስ ብርዱ ገብቷል። የደብረ ብርሃን ልጅ ስለሆንኩ ብርዱ አይከብደኝም። የሚከብደኝ ከቀኑ አሥር ሰዓት ሳይሞላ መጨለሙ ነው።

ዛሬ የምጽፍልሽ ስለ አንድ ጉዳይ ነው። አምና ለገና መጥቼ ያመሸንበትን ያን ቀን ታስታውሻለሽ? ሁላችንም አብረን እንጫወት ብዬ ካርታ ያወጣሁ ዕለት። አባባ ሥዕሉን ከቁጥሩ መለየት አቃታቸውና «እናንተ ተጫወቱ» ብለው ወደ ምድጃው ዞሩ። እምዬ ደግሞ ካርታ በእጄ አልነካም አሉ። ማሙሽ ሁለት ጊዜ ተሸንፎ አለቀሰ። በሦስተኛው ሆን ብለን ተሸነፍንለት። እሱም ዓይናችንን አየት አደረገና «አውቃችሁ ነው» አለ። አምስት ዓመት ያልሞላው ልጅ! ያቺ ቃል እስከ አሁን ከጆሮዬ አልወጣችም።

ገበጣው ቢሻል ብዬም አስቤ ነበር። ግን ገበጣ የሁለት ሰው ጨዋታ ነው፤ ሌላው ቁጭ ብሎ ያያል። በዚያ ላይ አባባን ማን ይችላቸዋል? እንቆቅልሹም ያው ነው። እምዬ ሁሉንም ያውቁታል፣ ልጆቹ ገና አያውቁትም። አንዱ ሁልጊዜ ጠያቂ፣ ሌላው ሁልጊዜ አገር ሰጪ ይሆናል።

እዚህ የምሠራው አረጋውያን መጦሪያ ውስጥ መሆኑን ታውቂያለሽ። ቅዳሜ ቅዳሜ የልጅ ልጆች ሊጠይቁ ይመጣሉ። አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ሁሉንም በአንድ ጠረጴዛ የምታጫውትበት ዘዴ አላት። እንግሊዞች ስፑፍ ይሉታል። መጠጥ ቤት ውስጥ በሳንቲም የሚጫወቱት ነው፤ የተሸነፈ ይጋብዛል። እሷ ሳንቲሙን በባቄላ ተክታዋለች። የሰማንያ ዓመት አዛውንትና የስድስት ዓመት ልጅ እኩል ሲፎካከሩ በዓይኔ አየሁ። ያን ቀን ነው ማሙሽ ትዝ ያለኝ።

አጨዋወቱ እንዲህ ነው። ለእያንዳንዱ ሰው ሦስት ፍሬ ሽምብራ ስጪ። ባቄላ አይሁን፤ ለማሙሽ እጅ ይተልቃል፣ በጣቱ መሃል ይታያል። ሽምብራውም ጥሬ ይሁን። የተቆላ ከሆነ ጨዋታው ሳያልቅ ይበላል። የጎረቤት ሕፃን ቤት ውስጥ ካለ ግን አደራ፣ ከሥሩ አርቂው፤ ጉሮሮ ላይ ይቀራል።

ሁሉም እጁን ወደ ኋላ ያደርግና ከሦስቱ የፈለገውን ያህል በቀኝ መዳፉ ይጨብጣል። ባዶም ይቻላል፣ አንድም፣ ሁለትም፣ ሦስትም። የተረፈውን በግራው ይደብቃል። ከዚያ ሁሉም የጨበጠውን ቀኝ እጅ ወደ መሃል ይዘረጋል። አሁን በየተራ እያንዳንዱ አንድ ቁጥር ይጠራል። ቁጥሩ በሁሉም ቀኝ እጅ ውስጥ ያለው ሽምብራ ሲደመር ስንት ይሆናል የሚለው ግምት ነው። አንድ ሰው የጠራውን ቁጥር ሌላው መድገም አይችልም። ሁሉም ከጠራ በኋላ «ክፈት!» ሲባል እጅ በአንዴ ይከፈታል። የተያዘው ሁሉ ሰፌድ ላይ ይፈስና ይቆጠራል። የገመተው የደረሰለት ወይም በጣም የቀረበ ከሰፌዱ ዳር ካለው ክምር አንድ ፍሬ ያተርፋል። ሁለት ሰዎች እኩል ከቀረቡ ሁለቱም ያገኛሉ።

ቤት ያላችሁት ስድስት ናችሁ። አንድ ዙር ላሳይሽ። አባባ ሁለት ያዙ እንበል። እምዬ ባዶ፣ አንቺ ሦስት፣ ጋሼ አንድ፣ ሚጣ ሁለት፣ ማሙሽ ሦስት። ይህን ማንም አያውቅም፤ ሁሉም የሚያውቀው የራሱን ብቻ ነው። አባባ ጀመሩና «9» አሉ። እምዬ «7» አሉ። አንቺ «10» አልሽ፣ ጋሼ «8»። ሚጣ 9 ወይም 10 ልትል ነበር፤ ሁለቱም ተወስደዋል፣ ስለዚህ «11» አለች። ለማሙሽ «12» ተረፈው። ክፈት! ማሙሽ ሰፌዱ ላይ ቆጠረ፤ 11። ሚጣ አገኘች። አየሽ፣ ሚጣ ያሸነፈችው የምትፈልገው ቁጥር ስለተወሰደባት ነው።

ለምን እኩል እንደሚያደርግ ብዙ አሰብኩበት። በስድስት ሰው ድምሩ ከ0 እስከ 18 ይደርሳል። ሰው ሁሉ እንደ ዕድሉ ቢይዝ ብዙ ጊዜ የሚወጣው 9 ነው። ግን እሱም የሚወጣው ከሰባት ዙር በአንዱ ገደማ ብቻ ነው። ሒሳብ የሚያውቅ ሰው የሚያደርገው ይኸ ነው፤ የራሱን ቆጥሮ ለቀሩት አምስት ሰዎች ሰባት ወይም ስምንት ይጨምርበታል። ሦስት ከያዘ 10 ወይም 11 ይላል። ከዚህ የተሻለ ስሌት የለም። ይህን አሳምሮ የሚያሰላ ሰው እንኳ በትክክል የሚመታው ከ100 ጊዜ 15 ያህሉን ነው። ስለዚህ የጋሼ ሒሳብ ከማሙሽ ግምት ብዙ አይርቅም። ማንበብ አያስፈልግ፤ እምዬ ፊደል ባይቆጥሩም ምንም አያጎድልባቸውም። ማየትም ብዙ አያስፈልግ፤ አባባ ሽምብራቸውን በጣታቸው ዳስሰው ያውቁታል።

ከሁሉም ደስ ያለኝ ግን ለልጅ ሆን ብሎ መሸነፍ አለመመቸቱ ነው። ልጁ የያዘውን ሳታውቂ እንዴት ትሸነፊለታለሽ? ማሙሽ ሲያሸንፍ እውነት አሸንፎ ነው። እሱም ያውቀዋል።

የሚያበላሹት ነገሮችም አሉ። አንደኛው ተራው ነው። መጀመሪያ የሚጠራ ሰው የያዘውን ያሳብቃል። ቀድሞ 11 ያለ ሰው ሦስት ሳይይዝ አይቀርም ብለው ሌሎቹ ይጠረጥራሉ። መጨረሻ የሚጠራ ደግሞ ብዙ ሰምቷል፤ ግን ጥሩ ጥሩው ቁጥር ተወስዶበታል። ስለዚህ ጀማሪው በየዙሩ ወደ ቀኝ ይዙር። 12 ዙር ብትጫወቱ እያንዳንዱ ሁለት ሁለት ጊዜ ይጀምራል፤ ግማሽ ሰዓት ገደማ ይፈጃል፣ ለማሙሽም ለአባባም ይበቃል። «አባባ ታላቅ ስለሆኑ ሁሌ ይጀምሩ» እንዳትሉ። ማክበር መስሏችሁ ትጎዷቸዋላችሁ።

ሁለተኛው የትንሽ ልጅ ልማድ ነው። ትናንሽ ልጆች እዚህ እንዳየሁት ሦስቱንም መጨበጥ ይወዳሉ። እጁ ሞልቶ ሲያይ ደስ ይለዋል። ሁለት ሦስት ዙር ካለፈ ትልልቁ ይነቃበታል። ያኔ «ሁልጊዜ ሦስት አትያዝ» ብለሽ እንዳትነግሪው። ራሱ ይደርስበታል። እዚህ አንዲት ልጅ አንድ ቀን ባዶ እጇን ጨብጣ «12» አለች። ሁላችንም ሦስት ይዛለች ብለን ወደ ላይ ሄድን፤ ሁላችንም ሳትን። እሷም አላገኘችም። ግን እጇን ስትከፍት የሳቀችው ሳቅ! የዚያን ቀን አያቷ ሳቋን ሲያዩ ዓይናቸው እንባ አቀረረ።

ሦስተኛው፣ በእንግሊዞቹ ደንብ ትክክል የገመተ ከጨዋታው ይወጣል፤ መጨረሻ የቀረው ከፋይ ነው። ያንን ተዪው። ቤት ውስጥ የወጣ ሰው ወይ ይተኛል ወይ ስልኩን ያነሳል። በእኛ ማንም አይወጣም።

በገንዘቡ ፈንታ አንድ ነገር ከራሴ ጨምሬያለሁ። በዙሩ ከሁሉም የራቀ ሰው አገር ይስጥ፣ ልክ እንደ እንቆቅልሹ። በላይኛው ዙር የራቁት እምዬ ናቸው፤ ሰባት ብለው ነበር። ሚጣ «አገር ይስጡኝ» ትላቸዋለች። «አንኮበርን ሰጠሁሽ» ይላሉ። እሷም «አንኮበር ገብቼ ምን አጥቼ» ብላ ትቀጥላለች። አንድ የተሰጠ አገር በዚያ ማታ አይደገምም። መጀመሪያ ደብረ ሲናና ሸዋ ሮቢት ያልቃሉ። ከዚያ መሐል ሜዳ፣ ሞላሌ፣ እነዋሪ፣ ሰላ ድንጋይ፣ አረርቲ እያለ ይሄዳል። ማሙሽ አገር ካለቀበት እምዬ በጆሮው ያንሾካሹኩለት። አባባ ደግሞ በእግራቸው ያልረገጡት የለም፤ ስለሰጡት አገር አንድ ነገር ሳይናገሩ አያልፉም። እሱን አታስቸኩሏቸው።

ቆጣሪው ሁልጊዜ ማሙሽ ይሁን። ሰፌዱ ላይ ሁለት ሁለቱን እያስጠጋ ይቁጠር። ቢሳሳት ሚጣ ትድገመው እንጂ ትልቅ ሰው አያርመው። የአባባ ጆሮ ከራቀ ሚጣ የተጠራውን ቁጥር ጮክ ብላ ትድገምላቸው።

አሁን የራሴን ልለምን። እኔም በስልኩ ልግባ። ሰባት ስንሆን ድምሩ እስከ 21 ይደርሳል፤ መሃሉ 10 እና 11 ነው። አንድ ችግር አለ። ምስሉ ይዘገያል። እናንተ ከከፈታችሁ በኋላ እኔ ብከፍት ሽምብራ ቀየረች ማለት ይመጣል። ስለዚህ «ክፈት!» ከመባሉ በፊት፣ ሁሉም ቁጥሩን ጠርቶ ሲጨርስ፣ እጄን ካሜራው ላይ ቀድሜ እከፍታለሁ። ማሙሽ የእኔን ያህል ከክምሩ አንስቶ ሰፌዱ ላይ ይጨምርልኝ። ኔትወርኩ መሃል ላይ ከተቋረጠ ያንን ዙር ከአዲስ ጀምሩ።

ቅዳሜ ማታ ከቡናው በኋላ፣ 2 ሰዓት ላይ ደውይልኝ። በእኛ 11 ሰዓት ነው፣ ከሥራ ወጥቻለሁ። ሽምብራ ከሐበሻ ሱቅ ገዝቻለሁ። ሦስቱን ፍሬ ለይቼ መስኮቱ ጋ አስቀምጫቸዋለሁ። መጀመሪያ የሚጠራው ማሙሽ ነው፤ ከአሁኑ ንገሪው።

የአባባንና የእምዬን ጉልበት ሳሚልኝ።

ታናሽ እህትሽ፣ ከሊድስ