የሳይንስ ክበብ የ2017 ዓ.ም. ዘገባ፦ ጨው ሲታጠብ አብሮ የሚሄደው

የክበባችን የዘንድሮ ሥራ የተጀመረው በጥቅምት ወር አንዲት የ10ኛ ክፍል ተማሪ ባቀረበችው ጥያቄ ነው። «ቤታችን የሚገዛው ጨው አዮዲን እንዳለው ማሸጊያው ላይ ተጽፏል፤ ታዲያ የታናሽ እኅቴ አንገት ለምን ማበጥ ጀመረ?» አለች። ጥያቄው በአንድ የዕረፍት ሰዓት የሚመለስ መስሎኝ ነበር፤ ዓመቱን ሙሉ ወሰደብን።

አስቀድመን የተነጋገርነው ስለ ታይሮይድ ዕጢ ነው። ይህ ዕጢ ከማንቁርት በታች በአየር ቧንቧው ፊት ክንፉን እንደ ዘረጋ ቢራቢሮ የተቀመጠ ሲሆን፣ ከደም ውስጥ አዮዲንን እየለቀመ ታይሮክሲን የተባለውን ሆርሞን ይሠራል። በእያንዳንዱ የታይሮክሲን ሞለኪውል ውስጥ አራት የአዮዲን አቶሞች ስላሉ አዮዲን ከሌለ ሆርሞኑ ሊሠራ አይችልም። ሆርሞኑ ሲያንስ በአንጎል ሥር ያለው ፒቱታሪ ዕጢ ታይሮይድን «ሥራ፣ ጨምር» የሚል መልእክት በሌላ ሆርሞን ይልክበታል፤ ታይሮይድም ጥቂቷን አዮዲን አሟጥጦ ለመያዝ ሲል ራሱ እየሰፋ ይሄዳል። እንቅርት የምንለው እንግዲህ ይህ የመስፋት ውጤት ነው። «በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ» የሚለው ተረት ሁለቱን የአንገት እብጠቶች አንድ ላይ ቢያነሣቸውም፣ ጆሮ ደግፍ በቫይረስ የሚመጣና የምራቅ ዕጢን የሚያሳብጥ በመሆኑ ዝምድናቸው በተረቱ ብቻ ነው።

በመንዝ ለእንቅርት ብዙ ምክንያት ሲሰጥ ሰምተናል፤ ብርዱ ነው የሚሉ አሉ፣ ከፍታው ነው የሚሉም አሉ። ከአባላቱ አንዱ ከፍታውን አጥብቆ ይሟገት ስለነበር በዚህ ላይ ሁለት ሳምንት ቆየን። ነገሩ ከፍታው ሳይሆን ተዳፋቱ ነው። ለዘመናት የዘነበው ዝናብ በአፈሩ ውስጥ የነበረውን አዮዲን አጥቦ ወደ ጀማ፣ ከጀማም ወደ አባይ ሰድዶታል፤ በተራቆተው አፈር ላይ የበቀለው ገብስና ባቄላም፣ በዚያው አፈር የበቀለውን ሣር የጋጠው በግም የአፈሩን ድህነት ይወርሳሉ። አፈሩ ከተራቆተ ቆላም ቢሆን ከእንቅርት አያመልጥም።

የታጠበው አዮዲን መድረሻው ባሕር ስለሆነ የባሕር ዓሣና የባሕር ዕፅዋት በአዮዲን የበለጸጉ ናቸው፤ የሐይቅ ዓሣ ግን በጥቅሉ ከባሕሩ በጣም ያነሰ ነው የሚይዘው። እዚህ ላይ አንድ ተማሪ «ጨውም ከባሕር ከመጣ አዮዲን መጨመር ለምን አስፈለገ?» ብሎ ስለጠየቀ በጥቁር ሰሌዳ ላይ አሰላነው። አንድ ሊትር የባሕር ውኃ 35 ግራም ያህል ጨው ሲይዝ፣ አዮዲኑ ግን ከ60 ማይክሮግራም አይበልጥም። ሁሉም ከጨው ጋር ቢቀር እንኳ በቀን 5 ግራም ጨው የሚበላ ሰው ከ9 ማይክሮግራም በላይ አያገኝም፤ አዋቂ ሰው በቀን የሚያስፈልገው ደግሞ 150፣ ነፍሰ ጡር ደግሞ 250 ማይክሮግራም ነው። ስለዚህ ከአፍዴራ የሚመጣው ጨው በቂ አዮዲን የሚኖረው በፋብሪካ ፖታሲየም አዮዴት ሲረጭበት ብቻ ነው። አንድ ኪሎ ጨው 30 ሚሊግራም አዮዲን ቢይዝ፣ 5 ግራሙ የቀኑን 150 ማይክሮግራም በትክክል ይሰጣል።

ከዚያ ወደ ልጅቱ ጥያቄ ተመለስን። ጨውን ለመፈተሽ የመጀመሪያው ሙከራችን ከኢንተርኔት ያገኘነው ነበር፤ የጨው ሙሙት፣ አቼቶ፣ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድና የስታርች ውኃ ይቀላቀላሉ፣ አዮዲን ካለ ሰማያዊ ይሆናል ይላል። ከሰባት ቤቶች ያመጣነው ጨው አንዱም ቀለም አላወጣም። አባላቱ ነጋዴዎቹን መውቀስ ሲጀምሩ እኔም ለአንድ ቀን ያህል አብሬ ወቅሻለሁ። ስሕተቱ ግን የእኛ ነበር፤ ያ ዘዴ የተሠራው ፖታሲየም አዮዳይድ ለሚጨመርበት ጨው ሲሆን፣ የእኛ ጨው ላይ የሚረጨው አዮዴት ነው። አዮዴትን ለመግለጥ በተቃራኒው እኛ አዮዳይድንና አሲድን መጨመር አለብን። ከኬሚስትሪ ቤተ ሙከራ ጥቂት ፖታሲየም አዮዳይድ ወስደን ስንደግመው አምስቱ ጥቁር ሰማያዊ ሆኑ። ጨው የሌለበት ንጹሕ ውኃም ሰማያዊ ሲሆን ግን ደነገጥን፤ የበጠበጥነው አዮዳይድ ብርሃን ላይ ውሎ ስለቆየ ራሱ ወደ ቢጫነት ተለውጦ ኖሯል። ከዚያ ወዲህ ሙሙቱን በየቀኑ አዲስ እንበጠብጣለን፣ ሁልጊዜም በንጹሕ ውኃ እናመሳክራለን።

በአዲሱ ሙሙት ስንፈትሽ ቀለም ያወጡት አራት ቤቶች ሲሆኑ፣ የልጅቱ ቤት ጨው ከቀሩት ሦስቱ ውስጥ ነበር። ከሱቁ ያስገዛነው ያው ጨው፣ ማሸጊያው ሳይከፈት የመጣው ግን ደማቅ ሰማያዊ ሆነ። በሱቅና በቤት መካከል ምን እንደሚሆን ስትጠየቅ ልጅቱ ያለማመንታት «እናቴ ታጥበዋለች፣ ከዚያ ምጣድ ላይ ታምሰዋለች» አለች። ደረቅ ጨው አፈርና ጉድፍ ስለማያጣው ማጠቡ በአካባቢያችን የንጽሕና ልማድ ነው፤ አዮዴቱ ግን የሚረጨው በጨው ጠጠሩ ላይ ነውና ከጉድፉ ጋር ታጥቦ ይፈሳል።

ቀለም መጠንን ስለማይነግር በግንቦት ወር በቡሬት ለክተነዋል። 1.24 ግራም የሶዲየም ታዮሰልፌት ክሪስታል በአንድ ሊትር ውኃ በጠበጥን፤ 10 ግራም ጨው አሟምተን አሲዱን እኔ፣ አዮዳይዱን ተማሪዎቹ ጨመርን፤ ፍላስኩን 10 ደቂቃ በጨለማ ሳጥን አስቀምጠን ቢጫው እስኪሳሳ ታዮሰልፌት አንጠባጠብን፤ ስታርቹን ጨምረን ሰማያዊው ፈጽሞ እስኪጠፋ ቀጠልን። በዚህ ልክ እያንዳንዱ ሚሊሊትር በኪሎ 10.6 ሚሊግራም አዮዲን ማለት ነው። ያልታጠበው 2.9 ሚሊሊትር ወሰደ፣ ወደ 31 ሚሊግራም ሆነ። በሁለት ውኃ የታጠበውና የታመሰው 0.6 ብቻ ወሰደ፣ ከ7 ሚሊግራም በታች ነው። 5 ግራሙ 32 ማይክሮግራም ያህል ነው የሚሰጠው። በርበሬ ውስጥ የገባ ጨው ለመለካትም ሞክረን ቅላቱ ቀለሙን ስለሸፈነብን ትተነዋል።

ይህ የእኅቷ እንቅርት ከጨው እጥበት መምጣቱን አያረጋግጥም። አንገት ዳስሶ መመርመርም የክበብ ሥራ አይደለምና ታናሽ እኅቷን ከእናታቸው ጋር ወደ ጤና ጣቢያ ልከናል። በዕጢው ውስጥ የሚበቅል እባጭ፣ ሰውነት የራሱን ዕጢ የሚያጠቃበት ሕመም፣ የበዛ አዮዲንም ሳይቀር እንቅርት ያመጣሉ። በጾም የሚዘወተረው ጎመንም አዮዲን ወደ ዕጢው እንዳይገባ የሚሻሙ ነገሮች አሉት፤ ሆኖም በደንብ ሲበስል ይቀንሳሉ፣ አዮዲን በበቃበት ቤትም ያን ያህል አይጎዱም።

ውጤቱን በወላጆች ቀን ስናቀርብ አንዲት አንገታቸው የተነቀሰ እናት «እኔስ፣ ይህን ጨው ብበላ እንቅርቴ ይሟሽሽልኛል?» ብለው ጠየቁን። ለብዙ ዓመት የኖረና ጓጉሎ የጠነከረ እንቅርት በጨው እንደማይመለስ፣ በእንዲህ ያለ እንቅርት ላይ ድንገት የበዛ አዮዲን ሲገባ ዕጢው ከልክ በላይ ሊሠራ እንደሚችል፣ ልብ ሲመታና ሰውነት ሲከሳ ሐኪም ማየት እንደሚገባ ነገርናቸው። የልጅቱ እናት ደግሞ ጉድፉን ለቅመው ጨውን ሳያጥቡ ለመጠቀም፣ ክዳን ባለው ዕቃ ከምድጃ አርቀው ለማስቀመጥና ወጡ ሊወርድ ሲል ለመጨመር ተስማምተዋል፤ በሰኔ ከቤታቸው ያመጣነው ጨው በቡሬቱ 2.7 ሚሊሊትር ወስዷል። የቤተ ሙከራው ፖታሲየም አዮዳይድ በዚህ ልኬት ስላለቀ፣ ለመስከረም 100 ግራም በቡናማ ጠርሙስ እንዲገዛልን ለርእሰ መምህሩ ጽሕፈት ቤት ጥያቄ አቅርበናል።